ካርታው ሲጎላ መልሱ ለምን ተሳሳተ? ማየትና ማንበብ ለሚያስቸግራቸው ተማሪዎች ፈተናን ስለ ማመቻቸት

በአንድ የ8ኛ ክፍል ሞዴል ፈተና ላይ እንዲህ የሚል ጥያቄ አለ እንበል፦ “የካርታው መስፈርት 1፡50,000 ነው። በ‘ሀ’ እና በ‘ለ’ መንደሮች መካከል ያለውን ርቀት በማስመሪያ ለክታችሁ ስንት ኪሎ ሜትር እንደሆነ አመልክቱ።” በመደበኛው ወረቀት ላይ በሁለቱ መንደሮች መካከል ያለው ርቀት 4 ሴንቲ ሜትር ነው። 4 በ50,000 ሲባዛ 200,000 ሴንቲ ሜትር ይሆናል፤ መልሱም 2 ኪሎ ሜትር ነው።

በዚያው ክፍል ውስጥ እይታዋ የደከመ፣ መነጽርም ሙሉ በሙሉ የማያስተካክልላት ተማሪ አለች። መምህሯ ሊያግዛት ፈልጎ ፈተናውን ደብረ ማርቆስ ከተማ ወዳለ ፎቶ ኮፒ ቤት ይወስድና ከኤ4 ወደ ኤ3 ያስጎላዋል። ከኤ4 ወደ ኤ3 ሲጎላ በወረቀቱ ላይ ያለ ርዝመት ሁሉ በ1.41 ይባዛል። ስለዚህ 4 ሴንቲ ሜትር የነበረው ርቀት ወደ 5.6 ሴንቲ ሜትር ይደርሳል። ከካርታው ግርጌ የተጻፈው 1፡50,000 ግን ቁጥር ስለሆነ በትልልቁ ታተመ እንጂ አልተለወጠም። ተማሪዋ በጥንቃቄ ትለካለች፣ በትክክል ታባዛለች፣ 2.8 ኪሎ ሜትርም ታገኛለች። ከምርጫዎቹ መካከል 2.8 ካለ ያለ ማመንታት እሱን ታጠቁራለች፤ መልሷም ስህተት ተብሎ ይታረማል።

ይህች ልጅ ጥያቄው ሊለካ የፈለገውን ነገር፣ ማለትም መስፈርትን ተጠቅሞ ርቀት ማስላትን፣ ከክፍል ጓደኞቿ እኩል ታውቃለች። ከእውቀቷ ጋር ምንም ግንኙነት የሌለው የወረቀት መጉላት ግን ነጥብ አስጣላት። የሚያሳዝነው ደግሞ ውጤቷን የሚያይ ሰው “ወረቀቱን አጉልተንላት እንኳ አልሠራችም” ማለቱ አይቀርም።

መፍትሔው ማጉላቱን መተው አይደለም። ከካርታው ግርጌ የመስመር መስፈርት ቢሳል ካርታው ሲጎላ መስመሩም አብሮ ስለሚጎላ ስሌቱ አይዛባም። ጥያቄው የክፍልፋይ መስፈርትን መጠቀም የግድ የሚለካ ከሆነ ደግሞ ካርታውን በእጥፍ አጉልቶ መስፈርቱን 1፡25,000 ብሎ ማረም ይቻላል። ያኔ ርቀቱ 8 ሴንቲ ሜትር ይሆንና በ25,000 ሲባዛ ያው 2 ኪሎ ሜትር ይመጣል። የስሌቱ ደረጃም ሆነ ክብደት እንደሌሎቹ ተማሪዎች ነው። በ1.41 አጉልቶ መስፈርቱን ማረም ግን 1፡35,460 የመሰለ ቁጥር ያመጣል፤ ይህ ደግሞ ለእሷ ብቻ የማባዛቱን ሥራ ያከብድባታል። የመጉያው መጠን ሲመረጥ ይህ ሁሉ አብሮ መታሰብ አለበት።

ኢትዮጵያ የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነትን በ2002 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 676 አጽድቃለች። “ተመጣጣኝ ማመቻቸት” የሚለው ሐሳብም የስምምነቱ አንድ መሠረት ነው። ሕጉ አመቻቹ ይላል፤ አንድን የካርታ ጥያቄ እንዴት አድርጎ ማመቻቸት እንደሚገባ ግን ሊነግረን አይችልም። ያ የፈተና አዘጋጁ ሥራ ነው። ሥራው የሚጀምረውም በእያንዳንዱ ጥያቄ ላይ ሁለት ነገሮችን ለይቶ በማየት ነው፦ ጥያቄው ሊለካ የፈለገው ምንድን ነው? ተማሪው እዚያ ለመድረስ የግድ የሚያልፍበት፣ ነገር ግን የማይለካው መንገድስ የትኛው ነው? መንገዱን ማመቻቸት ይቻላል። የሚለካው ሲነካ ግን ፈተናው ሌላ ፈተና ይሆናል።

ለጎጃም ሰው ይህ ልዩነት እንግዳ አይደለም። በንባብ ቤት መምህሩ የሚፈትነው ተማሪው ፊደሉን አይቶ፣ ተነሹን ከወዳቂው፣ ሰያፉን ከተጣዩ ለይቶ ማንበቡን ነው። እዚያ ሌላ ሰው ያንብብለት ማለት ፈተናውን ማስቀረት ነው። ቅኔ ቤት ግን ተማሪው ያዘጋጀውን ቅኔ በቃሉ ለመምህሩ ይነግራል፤ የሚመዘነው ቤት መምታቱ፣ ሰምና ወርቁ መስማማቱ፣ ምሥጢሩ መብሰሉ ነው። ዓይን እዚያ አልተፈተነም። ዓይነ ስውራን ቅኔ ተምረው፣ ተቀኝተው፣ ለመምህርነት የበቁት ማንም ደረጃውን ዝቅ አድርጎላቸው አይደለም። በዘመናዊው ትምህርት ቤት ያለው ችግር ንባብ ቤቱና ቅኔ ቤቱ በአንድ የፈተና ወረቀት ላይ ተደባልቀው መቅረባቸው ነው። የጂኦግራፊም፣ የሒሳብም፣ የአማርኛም ጥያቄ የሚመጣው በጽሑፍ ስለሆነ ሁሉም በድብቅ ንባብንና እይታን ይለካል።

ወደ ተማሪዋ እንመለስና የፊደሉን መጠን እንይ። አብዛኛው ፈተና በፎንት 12 ይዘጋጃል። ወደ ኤ3 ሲጎላ 17 ገደማ ይሆናል። ይህ ለእሷ ይበቃት እንደሆነና እንዳልሆነ በግምት ማወቅ አይቻልም፤ መለካት ግን ይቻላል፣ ልኬቱም ከግማሽ ሰዓት በላይ አይፈጅም። ክብደታቸው ተመሳሳይ የሆኑ አጫጭር ምንባቦችን በ12፣ በ16፣ በ18፣ በ24 እና በ30 አትሞ፣ ለእያንዳንዱ አንድ ደቂቃ ሰጥቶ፣ በሚመቻት ርቀት ድምፅ አውጥታ ስታነብ ቃላቱን መቁጠር ነው። ለምሳሌ በ12 ላይ 18 ቃላት፣ በ16 ላይ 35፣ በ18 ላይ 47፣ በ24 ላይ 62፣ በ30 ላይ 63 አነበበች እንበል። ፍጥነቷ ከ24 በኋላ አልጨመረም። ስለዚህ የእሷ መጠን 24 ነው። “ትልቅ ከሆነ ይሻላል” ብሎ 30 መስጠት አይጠቅማትም፤ በአንድ መስመር ላይ የሚያርፉት ቃላት ያንሳሉ፣ ገጹ ይበዛል፣ ከጥያቄ ወደ ምርጫ፣ ከምርጫ ወደ ምንባብ ስትመላለስ ጊዜዋ ያልቃል።

በልኬቱ ወቅት ለፊደላችን የተለየ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። በአማርኛ ፊደል ድምፁን የሚለውጠው ምልክት ከፊደሉ አካል ጋር ሲነጻጸር በጣም ትንሽ ነው። ቢ እና ቤ፣ ሲ እና ሴ፣ ሊ እና ሌ የሚለያዩት ከእግራቸው ሥር ባለችው ነገር ነው፤ በሣልሱ ጭረት ናት፣ በኃምሱ ቀለበት። እይታው የደከመ ልጅ የፊደሉን አካል በደንብ እያየ ይህቺን ቀለበት ላያያት ይችላል። ተራ ምንባብ ስታነብ ከሐሳቡ ገምታ ስለምታልፈው ጉድለቱ አይታወቅም። በፈተና ላይ ግን ገምተው የማያልፏቸው ነገሮች አሉ፦ የቦታ ስም፣ የሳይንስ ቃል፣ በ3.5 እና በ35 መካከል ያለችው ነጥብ። ስለዚህ ከምንባቡ በተጨማሪ ትርጉም የሌላቸው፣ በእነዚህ ተመሳሳይ ፊደላት የተሞሉ ቃላትን በዚያው መጠን ማስነበብ ያስፈልጋል። ምንባቡን በ18 ያለ ስህተት አንብባ ትርጉም የሌላቸውን ቃላት በ18 እያደባለቀች በ24 ግን ከለየች፣ መጠኗ 24 ነው ማለት ነው።

መጠኑ ከታወቀ በኋላ ፎቶ ኮፒ ማስጎላቱ ቀርቶ ፈተናውን በኮምፒውተር ላይ በዚያው መጠን እንደገና ማዘጋጀት በጣም ይሻላል። የኤ3 ወረቀት ዴስኩን አልፎ ይንጠለጠላል፤ ዓይኗን ወረቀቱ ላይ አስጠግታ የምታነብ ልጅ መስመር በጨረሰች ቁጥር ጭንቅላቷን ከዳር እስከ ዳር ማንቀሳቀስ አለባት። በተጨማሪም ፎቶ ኮፒ የደበዘዘውን ድብዝዝ እንዳለ ነው የሚያጎላው። እንደገና ሲጻፍ ግን የፊደሉ ውፍረት ወጥ የሆነ ፎንት መምረጥ ይቻላል። በብዙ ኮምፒውተር ላይ ያለው ኒያላ የተባለው ፎንት ቀጫጭን ጭረቶች ስላሉትና በተመሳሳይ ቁጥርም ትንሽ ሆኖ ስለሚታይ ለዚህ አይመችም። ጥያቄውና ምርጫዎቹ በአንድ ገጽ ላይ መዋላቸው፣ የጥያቄ ቁጥሩም ከመደበኛው ወረቀት ጋር አንድ መሆኑ መረጋገጥ አለበት። የሒሳብ ፈተና ከሆነ ደግሞ ርቢዎቹን ለብቻ ማየት ይገባል። x² ብለን ስንጽፍ ላዩዋ 2 ከዋናው ፊደል በጣም ታንሳለች፤ ዋናው ፊደል 24 ሆኖ ርቢዋ 14 ብትሆን ተማሪዋ የምታየው x ን ብቻ ሊሆን ይችላል።

ከሁሉ ይልቅ የሚረሳው የመልስ ወረቀቱ ነው። ጥያቄው በትልቁ ታትሞላት ማጥቆሪያው ግን በማሽን የሚነበበው ያው ደቂቅ ክብ ሆኖ ይቀራል። አንድ ረድፍ ከዘለለች ከዚያ በኋላ ያለው መልስ ሁሉ አንድ ደረጃ ይንሸራተታል። ይህ መድረሱን ማወቅ ቀላል ነው፤ መልሶቿን ከተጠረጠረው ቦታ ጀምሮ አንድ ረድፍ ወደ ላይ ወይም ወደ ታች አንሸራትቶ እንደገና ማረም ነው። ከ20 ጥያቄ 5 ብቻ ያገኘችበት ክፍል ሲንሸራተት 16 ከሆነ ነገሩ ግልጽ ነው። አስቀድሞ ለመከላከል ግን መልሷን በጥያቄ ወረቀቱ ላይ እንድታከብ ፈቅዶ፣ ፈተናው ሲያልቅ አንድ ፈታኝ ሌላ ሰው ባለበት ወደ መልስ ወረቀቱ ማዛወር ይችላል። ክብ ማጥቆር የትኛውም የትምህርት ዓይነት የሚለካው ነገር ስላልሆነ እዚህ ላይ የሚያከራክር ነገር የለም።

አሁን ደግሞ ከጎኗ የተቀመጠውን ልጅ እንይ። ዓይኑ ጤነኛ ነው። ሲያስረዱት ይገባዋል፣ በቃል ሲጠይቁት ይመልሳል፣ ሲያነብ ግን እያንዳንዱን ፊደል እየለቀመ ነው። ዲስሌክሲያ የሚባለው የንባብ ችግር ያለበት ልጅ ነው። ፊደልና ድምፅ በአብዛኛው በሚጣጣሙባቸው የአጻጻፍ ሥርዓቶች፣ የእኛንም ጨምሮ፣ ይህ ችግር ከስህተት ይልቅ በዝግታ ይታያል። ልጁ በመጨረሻ ቃሉን በትክክል ያነበዋል፤ ግን ሌላው ተማሪ ዓረፍተ ነገሩን ሲጨርስ እሱ ገና ሁለተኛው ቃል ላይ ነው። ለዚህ ልጅ የእሷን ባለ 24 ፎንት ወረቀት መስጠት ብዙም አይረዳውም፤ ያስቸገረው ማየቱ አይደለምና። ሁለቱን “ልዩ ፍላጎት ያላቸው” ብሎ በአንድ ክፍል አስቀምጦ አንድ ዓይነት ወረቀትና አንድ ዓይነት ጭማሪ ሰዓት መስጠት የተለመደ ነው፤ ሁለቱንም ግን በግማሽ ነው የሚያገለግላቸው።

ለእሱ የሚያስፈልገው ሰዓት ነው። ስንት? ብዙ አገሮች ከመደበኛው ሩብ ወይም ግማሽ ያህል ይጨምራሉ። ይህ ለአስተዳደር ይመቻል፤ ለአንድ የተወሰነ ልጅና ለአንድ የተወሰነ ፈተና ግን በተሻለ መገመት ይቻላል። ምሳሌ እንውሰድ። የማኅበራዊ ሳይንስ ፈተናው ጥያቄዎቹና ምርጫዎቹ ተደምረው 3,600 ቃላት አሉት፤ የተሰጠው ጊዜ 120 ደቂቃ ነው። የክፍሉ ተማሪዎች በአማካይ በደቂቃ 90 ቃላት ካነበቡ ለንባብ 40 ደቂቃ ያጠፋሉ፤ ለማሰብና ለመመለስ 80 ደቂቃ ይተርፋቸዋል። ልጁ በደቂቃ 40 ቃላት ከሆነ የሚያነበው ንባቡ ብቻ 90 ደቂቃ ይወስድበታል። ለማሰብ የሚቀረው 30 ደቂቃ ነው። እንደሌሎቹ 80 ደቂቃ እንዲያስብ ከተፈለገ 170 ደቂቃ ያስፈልገዋል፤ ይህም የ50 ደቂቃ ጭማሪ ነው። የሒሳብ ፈተናው 1,200 ቃላት ብቻ ካሉት ግን በዚያው ስሌት ሌሎቹ ለንባብ 13 ደቂቃ፣ እሱ 30 ደቂቃ ስለሚያጠፉ 17 ደቂቃ ይበቃዋል። እርግጥ ነው፣ ተማሪ አንድን ጥያቄ ሁለት ጊዜ ያነባል፤ ስለዚህ ከስሌቱ ትንሽ ከፍ ማድረግ ተገቢ ነው። ዋናው ነገር ጭማሪው የተሰጠው ለንባቡ ብቻ መሆኑና የማሰቢያው ጊዜ ከሌሎቹ ጋር እኩል መደረጉ ነው።

“ታዲያ ለሁሉም ቢጨመር ሁሉም አይጠቀምም ወይ?” የሚል መምህር ብዙ ነው፤ ጥያቄውም ትክክለኛ ነው። እስጢፋን ሲሬቺና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2005 ባሳተሙት የጥናቶች ቅኝት፣ ተጨማሪ ሰዓት ለሌሎች ተማሪዎችም በመጠኑ ይጠቅማል፤ ችግሩ ላለባቸው ግን የበለጠ ይጠቅማል የሚል ድምዳሜ ላይ ደርሰዋል። በራስ ትምህርት ቤት ይህን ማየት ይቻላል። ሰዓቱ ሲያልቅ ብዙ ተማሪዎች የመጨረሻዎቹን ጥያቄዎች ባዶ ትተው ወይም ሁሉንም “ሐ” ብለው ካስረከቡ ሰዓቱ ለሁሉም ጠቧል ማለት ነው፤ መታረም ያለበት ፈተናው ራሱ ነው። ሌሎቹ ሁሉ ጨርሰው እሱ ብቻ ከ60 ጥያቄ 38ቱን ሠርቶ፣ ከ38ቱ 30ውን አግኝቶ፣ 22ቱን ባዶ ከተወ ግን ሁኔታው ሌላ ነው። ውጤቱ 50 በመቶ ነው፤ ደርሶባቸው በሠራቸው ጥያቄዎች ላይ ያለው ግን ወደ 79 በመቶ ይጠጋል። ቀሪዎቹን ቢደርስባቸው ስንት ያገኝ እንደነበር በእርግጠኝነት መናገር አይቻልም፤ 50 የሚለው ቁጥር ግን ስለ ጂኦግራፊ እውቀቱ የሚነግረን ነገር ጥቂት ነው።

የንባቡ ዝግታ ከዚህም የከፋ ከሆነ፣ ሦስትና አራት ሰዓት የሚያስቀምጠው ከሆነ፣ ድካሙ ራሱ ሌላ መሰናክል ይሆናል። ያኔ አንባቢ መመደብ ይታሰባል። እዚህ ላይ የሚለካውን ነገር ሳያውቁ መንካት በጣም ቀላል ስለሆነ ረጋ ብለን ማየት አለብን።

በአማርኛ ጽሑፍ መጥበቅና መላላት አይታይም። አንድ የአማርኛ ሰዋስው ጥያቄ “‘ይበላል’ የሚለው ግስ ተደራጊነትን የሚያሳየው በየትኛው ዓረፍተ ነገር ነው?” ብሎ “ልጁ ዳቦ ይበላል” እና “ዳቦው ነገ ይበላል” የሚሉ ምርጫዎችን ቢያቀርብ፣ በዓይኑ የሚያነብ ተማሪ ልዩነቱን ከዓረፍተ ነገሩ አውጥቶ ማግኘት አለበት። አንባቢው ግን ጮክ ብሎ ሲያነብ በሁለተኛው ላይ “በ”ን ያጠብቃታል፤ አማርኛ ተናጋሪ ሆኖ ሳያጠብቅ ማንበብ አይችልም። መልሱ በጆሮ ተነገረ ማለት ነው። ስለዚህ እንዲህ ያሉ ጥያቄዎችን አንባቢው መመሪያውን ብቻ አንብቦ ዓረፍተ ነገሮቹን ልጁ ራሱ እንዲያነብ መተው ይሻላል። አራትና አምስት አጭር ዓረፍተ ነገር ነው፤ ጭማሪው ሰዓት ይበቃዋል። በአማርኛ ፈተና ላይ ያለው የምንባብ ክፍልም ተመሳሳይ ውሳኔ ይፈልጋል። ዓላማው ጽሑፍን ራስ አንብቦ መረዳት ከሆነ አንባቢ አይገባበትም። ዓላማው የሐሳብን ፍሰት መከተልና ድምዳሜ ማውጣት ከሆነ ይገባል። ይህን መወሰን ያለበት ፈተናውን ያወጣው ሰው ነው፤ ፈተናው ከመጀመሩ በፊት፣ በጽሑፍ። በፈተናው ዕለት ፈታኙ በራሱ ፈቃድ የሚወስነው ከሆነ አንዱ ክፍል ይነበባል፣ ሌላው አይነበብም።

በሒሳብ ደግሞ ችግሩ በተቃራኒው ነው፤ ድምፅ ከጽሑፉ ያነሰ ይናገራል። x + 3² እና (x + 3)² በወረቀት ላይ አይምታቱም። “ኤክስ ሲደመር ሦስት ካሬ” ተብሎ ሲነበብ ግን ሁለቱንም ሊሆን ይችላል። ሁለተኛውን “ቅንፍ ክፈት፣ ኤክስ ሲደመር ሦስት፣ ቅንፍ ዝጋ፣ የቅንፉ በሙሉ ካሬ” ብሎ ማንበብ ያስፈልጋል። እንዲህ ያለው አነባበብ አስቀድሞ የሒሳብ መምህሩ ጽፎ ለአንባቢው መስጠት አለበት። አንባቢው ራሱ ግን የሒሳብ መምህር ባይሆን ይመረጣል፤ መልሱን የሚያውቅ ሰው ሳያስበው ትክክለኛው ምርጫ ላይ ድምፁን ይረግጣል ወይም ትንሽ ይዘገያል፣ ልጆችም ይህን ቶሎ ይይዙታል። ሥዕል ያለበት ጥያቄም ላይ ጥንቃቄ ይገባል። ጥያቄው “ይህ ምን ዓይነት ሦስት ማዕዘን ነው?” ከሆነና አንባቢው “አንዱ ማዕዘኑ 90 ዲግሪ የሆነ ሦስት ማዕዘን ይታያል” ብሎ ከገለጸው ጥያቄው እዚያው አለቀ።

ስለ ሥዕልና ግራፍ ሲነሳ በጣም የተለመደው አሠራር መዝለል ነው። “ግራፍ ያለባቸውን አምስት ጥያቄዎች ተዉላት፣ ከቀሪው ይታረምላት” ይባላል። በጎ አሳብ ይመስላል፤ እኔ ግን ከሁሉ የከፋው መፍትሔ ይህ ነው ብዬ አምናለሁ። ግራፍ ማንበብ የትምህርቱ ክፍል ከሆነ ውጤቷ ከጓደኞቿ ውጤት ጋር የሚነጻጸር አይሆንም፤ መምህሯም ቀጥሎ ግራፍ ሊያስተምራት ምክንያት ያጣል። አብዛኛውን ጊዜ ግን ግራፉ ራሱ ሊስተካከል ይችላል። የደብረ ማርቆስን ወርሃዊ ዝናብ የሚያሳይ የባር ግራፍ አለ እንበል። አሥራ ሁለቱን ባሮች በወፍራም ጥቁር መስመር እንደገና ስሎ፣ ግራጫውን ቀለም አውጥቶ፣ ቁጥሮቹን በ24 መጻፍ ይቻላል። ጥያቄው ግራፍ ማንበብን የሚለካ ከሆነ ባሩ በ100 እና በ150 መካከል ቆሞ እንዲታያት ማድረግ ብቻ ነው የሚገባው፤ 125 የሚለው ቁጥር ከባሩ አናት ላይ አይጻፍላትም። ጥያቄው የሦስት ወር አማካይ ማስላትን የሚለካ ከሆነ ግን ቁጥሮቹን በሠንጠረዥ መስጠት ምንም አያጎድልም። ያው ግራፍ በአንዱ ጥያቄ የሚለካው ነገር፣ በሌላው መንገድ ብቻ ነው። አራቱን ምርጫ ወደ ሦስት ማውረድ፣ ከባዱን ቃል በቀላል መተካት፣ ፍንጭ መስጠት ደግሞ ያለ ብዙ ክርክር ከመስመር ውጭ ናቸው። ልዩነቱ ቃሉ ራሱ ካልተለካ ነው፤ ለምሳሌ በሒሳብ ጥያቄ ውስጥ ያለን አስቸጋሪ አማርኛ ማቅለል ለሁሉም ተማሪ ይጠቅማል፣ መደረግ ያለበትም ለሁሉም ነው።

በጎጃም አሁን ባለው ሁኔታ አንድ ተጨማሪ ችግር አለ። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በክልሉ በተፈጠረው ግጭት ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተው ቆይተዋል፤ ብዙ ልጆች ከትምህርት ገበታ ርቀዋል። ስለዚህ ዛሬ በዝግታ የሚያነብ የ8ኛ ክፍል ተማሪ ሁሉ ዲስሌክሲያ አለበት ማለት አይቻልም። ምናልባት ማንበብ መለማመድ በነበረበት ጊዜ የሚማርበት ክፍል አልነበረም። ሁለቱን በአንድ ቀን ፈተና መለየት ከባድ ነው፤ በጊዜ ግን ይለያሉ። በየቀኑ ለጥቂት ሳምንታት ተከታታይ የንባብ ልምምድ ሲሰጥ ትምህርት የተቋረጠበት ልጅ ፍጥነቱ በግልጽ ይጨምራል፤ ዲስሌክሲያ ያለበት ልጅ ይሻሻላል፣ ግን ከእኩዮቹ ጋር ያለው ርቀት ቶሎ አይጠብም። ከግጭቱ በፊት፣ በ2ኛና በ3ኛ ክፍል ያስተማሩት መምህራንና ወላጆቹ የሚያስታውሱትም ብዙ ይነግራል፤ ያኔም እንዲሁ ይቸገር ነበር ወይ? ትምህርት ተቋርጦበት ለዘገየው ልጅ መልሱ ማስተማር ነው። እስከዚያው ድረስ ጂኦግራፊውን ለመለካት ሰዓት ቢጨመርለት ግን የሚጎዳ ሰው አይታየኝም፤ የሚለካው ጂኦግራፊ ከሆነ ንባቡ የዘገየበት ምክንያት የጥያቄውን ዓላማ አይለውጠውም።

ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና በአብዛኛው በዩኒቨርሲቲዎች ሲሰጥ ቆይቷል። ከቢቸና ወይም ከሞጣ የምትሄድ ተማሪ እዚያ የሚጠብቃት ፈታኝ ከዚህ በፊት አይቷት አያውቅም፤ “ትንሽ ፊደል አይታየኝም” ብትለው ምን ያህል እንደሆነ ሊያውቅ አይችልም። ስለዚህ ከ8ኛ ክፍል ጀምሮ የተሠራው ልኬት በአንድ ገጽ ተጽፎ ማኅደሯ ውስጥ መቀመጥ፣ በየዓመቱም መታደስ አለበት፤ እይታ ይለወጣል፣ የንባብ ፍጥነትም ያድጋል። በገጹ ላይ መስፈር ያለበት ብዙ አይደለም። ለእሷ፦ ፎንት 24፣ ኤ4 ወረቀት፣ በኤ3 ያልጎላ፣ መልስ በጥያቄ ወረቀቱ ላይ ተከብቦ በሁለት ሰው ፊት የሚዛወር፣ በዚህ መጠን የንባብ ፍጥነቷ በደቂቃ 62 ቃላት። ለእሱ፦ መደበኛ ወረቀት፣ በደቂቃ 40 ቃላት፣ 3,600 ቃላት ላለው ፈተና ከ50 ደቂቃ ያላነሰ ጭማሪ፣ በሒሳብ በተዘጋጀ ጽሑፍ የሚያነብ አንባቢ፣ በአማርኛ ሰዋስው ክፍል አንባቢ አያስፈልግም። የተለካበት ቀን፣ የለካው መምህር ስምና ፊርማ፣ የትምህርት ቤቱ ማኅተም።